በሁለት ሌንሶች መካከል ያለ ክፍተት

በእግር ኳስ ሜዳ ዳር የሚቀመጡ ፎቶ አንሺዎች የሚይዙት ረጅም ሌንስ ላይ 500 ሚሊ ሜትር የሚል ጽሑፍ ይኖራል። ቁጥሩ የትኩረት ርቀት ነው። ለአንድ ነጠላ ስስ ሌንስ ይህ ማለት ከሩቅ የመጣ ብርሃን ሌንሱን ካለፈ በኋላ አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ የሚጓዘው ርቀት ነው። እንግዲያው ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰር ከሌንሱ ግማሽ ሜትር መራቅ ነበረበት። የቴሌፎቶ ሌንስን ከፊት መስታወቱ እስከ ሴንሰሩ ብንለካው ግን ከተጻፈበት ቁጥር ያጠረ ነው። ይህ የሆነው ከአንድ በላይ ሌንስ ስላለበት፣ በመካከላቸውም ክፍተት ስለተተወ ነው።

ነገሩን በሁለት ሌንሶች ብቻ እንየው። ከፊት የትኩረት ርቀቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰብሳቢ ሌንስ እናስቀምጥ፤ ከበስተኋላው 60 ሚሊ ሜትር ራቅ አድርገን 50 ሚሊ ሜትር የሆነ በታኝ ሌንስ እናቁም። የበታኙ ቁጥር ሲጻፍ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል።

አሁን አንዲት ጨረር እንከተል። ከሩቅ መጥታ ከሌንሶቹ መሐል መስመር በ10 ሚሊ ሜትር ከፍታ የፊተኛውን ሌንስ ትመታለች። ሌንሱ 100 ሚሊ ሜትር ላይ ወዳለው ነጥብ ስለሚያጎነብሳት በየ100 ሚሊ ሜትር ጉዞዋ 10 ሚሊ ሜትር ትወርዳለች። ክፍተቱን 60 ሚሊ ሜትር ተጉዛ ሁለተኛው ሌንስ ጋ ስትደርስ የቀራት ከፍታ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሌንስ ጨረርን የሚያጥፈው ከመሐሉ በራቀ መጠን ነው፤ በ4 ሚሊ ሜትር ላይ የምታልፈውን ጨረር የእኛ በታኝ ሌንስ በየ100 ሚሊ ሜትሩ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ያነሳታል። 10 ስትወርድ የነበረች ጨረር 8 ሲመለስላት፣ በየ100 ሚሊ ሜትሩ 2 ብቻ እየወረደች ትሄዳለች። የቀራትን 4 ሚሊ ሜትር ጨርሳ መሐል መስመሩን የምትነካው ከሁለተኛው ሌንስ 200 ሚሊ ሜትር ርቃ ነው።

ታዲያ የጥምሩ የትኩረት ርቀት 200 ነው? አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 200 ሴንሰሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ይነግረናል እንጂ ምስሉ ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆን አይነግረንም። የምስሉን ትልቅነት የሚወስነው ጨረሯ መጨረሻ ላይ ያላት ዘንበል ማለት ነው። በ10 ሚሊ ሜትር ከፍታ የገባችን ጨረር በየ100 ሚሊ ሜትሩ 2 እያወረደ የሚያሰበስብ ነጠላ ሌንስ ብንፈልግ፣ የትኩረት ርቀቱ 500 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሁለቱ ሌንሶቻችን ተባብረው የዚያን ሌንስ ሥራ ይሠራሉ። ከፊት ሌንሱ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርዝመት ግን 60 ሲደመር 200፣ በጠቅላላው 260 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህንኑ ጉዞ በአጭሩ የሚጽፈው ቀመር እንዲህ ነው፦

f = (f₁ × f₂) ÷ (f₁ + f₂ − d)

d ክፍተቱ ነው። በእኛ ቁጥሮች ከላይ −5000፣ ከታች 100 − 50 − 60 ማለትም −10 ይመጣል፤ ሲካፈል 500 ይሰጣል።

ክፍተቱን ብናጠፋውና ሌንሶቹን ብናጣብቃቸው ውጤቱ −100 ይሆናል። ጨረሯ በታኙን ሌንስ ገና በ10 ሚሊ ሜትር ከፍታዋ ስለምታገኘው መበተኑ ያሸንፋል፤ ሴንሰር ላይ የሚያርፍ ምስልም አይኖርም። ክፍተቱ 50 ሲሆን የቀመሩ ታች ዜሮ ይሆናል፤ ጨረሮቹ እንደገቡ ትይዩ ሆነው ይወጣሉ። ጋሊልዮ ሰማይን ያየበት መነጽር ሰብሳቢና በታኝ ሌንሶቹን ያቀናጀው በዚሁ መንገድ ነው። ጨረሮቹ ሴንሰር ላይ የሚያርፍ ምስል የሚሠሩት ክፍተቱ ከ50 ሲበልጥና ከ100 ሲያንስ ነው።

በዚህ ክልል ውስጥ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 60 የነበረውን ክፍተት 61 ብናደርገው የትኩረት ርቀቱ ወደ 455 ይወርዳል፤ 59 ብናደርገው ወደ 556 ይወጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ወደ 50 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ለውጥ ታመጣለች። ሌንሶቹ ወፍራም ሲሆኑ ደግሞ ክፍተቱ ከየትኛው ገጽ እንደሚለካ ራሱ ጥያቄ ስለሚሆን፣ ይህ ስሌት የሚሰጠው ግምታዊ ዋጋ ነው።

ስለዚህ ሌንሶቹን ያቀናጀ ሰው ውጤቱን ቢፈትሽ መልካም ነው፤ ለዚህም ሙሉ ጨረቃ ትበቃለች። የጨረቃ ስፋት ከእኛ ካላት ርቀት አንድ መቶ አሥረኛ ያህል ስለሆነ፣ የምስሏ ስፋትም የትኩረት ርቀቱ አንድ መቶ አሥረኛ ይሆናል። ምስሏ ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ ነጭ ወረቀት ከኋላ እያቀረቡና እያራቁ፣ ከዚያ ስፋቷን በማስመሪያ መለካት ነው። 4.5 ሚሊ ሜትር ከሆነች ጥምሩ 500 ነው፤ 5 ከሞላች ክፍተቱ ከ60 አንሷል፤ ወደ 4 ከቀረበች ደግሞ በልጧል።