ከባድ መደርደሪያ በብሎኬት ግድግዳ ላይ

«ለመደርደሪያ የሚሆን ፊሸር ስጠኝ» ላለ ደንበኛ ባለሱቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀብለው ባለ 8 ሚሊ ሜትሩን ፕላስቲክ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ይሁን አርማታ ማንም አይጠይቅም። ፊሸሩ ግን የሚይዘው በመስፋት ነው፤ ለመስፋት ደግሞ ዙሪያውን የሚገፋው ጠጣር ነገር ይፈልጋል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ የፊቱ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ልስን ደግሞ ክብደት ስለማይሸከም ከሒሳቡ ይውጣ።

ከነመጻሕፍቱ 40 ኪሎ የሚመዝን፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደርደሪያ በሁለት ብራኬት ሊሰቀል ነው እንበል። ጭነቱ በአማካይ ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ስለሚርቅ ብራኬቱ በታችኛው ጫፉ ተደግፎ የላይኛውን ብሎን ወደ ውጭ ይስባል። ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ብሎን 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ የላይ ብሎን በ15 ኪሎ ያህል ይሳባል። ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ስበቱ 30 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ ረጅም እግር ያለው ብራኬት መግዛት ፊሸር ከማወፈር ይበልጣል። ዕቃ ሲወረወርበት ወይም ልጅ ሲንጠለጠልበት ስበቱ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን፣ ከሒሳቡ በላይ በሰፊው መተው ግድ ነው።

ግድግዳውን ለመለየት ቀጭን ፑንታ ይበቃል። ልስኑን አልፎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ድንገት ወደ ውስጥ ከገባ ብሎኬት ነው። እኩል እየተጋፋ ከቀጠለ ኮለን ወይም የአርማታ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ብረት ላይ ከደረሰ ቀዳዳውን ጥቂት ማራቅ ይሻላል።

አርማታ ላይ ሥራው ቀላል ነው። ድሪሉን በመዶሻው ያሠሩት፤ ቀዳዳውን ከፊሸሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አስጠልቀው አቧራውን በደንብ ያውጡ። አቧራ የቀረበት ቀዳዳ ፊሸሩን ያንሸራትታል። ጥሩ ናይለን ፊሸር ወይም ኤክስፓንሽን ቦልት ይበቃል።

ብሎኬት ላይ ግን ኤክስፓንሽን ቦልት አይሞከርም፤ ሲጠብቅ ቀጭኑን ፊት ይሰነጥቀዋል። መዶሻውም ይጠፋል፤ ቀዳዳው በውስጥ በኩል ተቦድሶ የሚይዘው ነገር ይሳሳልና። ለቀላል ጭነት ከፊቱ ጀርባ ተጣጥፎ የሚቋጠር ረጅም ናይለን ፊሸር ጥሩ ነው። ለከባዱ መደርደሪያ የምመርጠው ኬሚካል አንከር ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ የወንፊት ቱቦ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ማጣበቂያው የሚሞላው ከዚያ ነው። ያለ ወንፊቱ ማጣበቂያው ባዶው ክፍል ውስጥ ይፈስሳል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ሳያልቅ ብሎኑ አይነካ።

ብሎኑ ሲታሰር ሳይጠብቅ ዝም ብሎ ከዞረ አልያዘም ማለት ነው። ወፍራም ብሎን አስገብቶ ማስገደድ ችግሩን ይደብቃል እንጂ አይፈታም፤ ቦታ ቀይረው እንደገና ይብሱ። ሠራተኛ ካስመጡም ድሪሉን ከማንሳቱ በፊት «ከብሎኬቱ ጀርባ የሚይዘው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት።