መርፌው አርባ ሲል ሻፍቱ ሃያ ነው

የውሃ ፓምፕና የሚያዞረው ሞተር በአንድ ቤዝ ላይ ፊት ለፊት ይታሰራሉ፤ ሁለቱን ሻፍቶች ኮፕሊንግ ያገናኛቸዋል። የሻፍቶቹ መሃል በአንድ መስመር ላይ ካልዋለ ኮፕሊንጉ በየዙሩ እየታጠፈ ይሠራል፣ ኩሽኔታው ይሞቃል፣ ሲሉም ቀኑ ሳይደርስ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ስለዚህ መካኒኩ የሞተሩን ቡሎኖች አጥብቆ ከመጨረሱ በፊት በዳያል ጌጅ ይለካል። ዳያሉ የሚሰጠው ቁጥር ግን ሻፍቱ ከመስመር የወጣበት ልክ አይደለም። እጥፉ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ዳያሉን የሚሸከመው ክንድ በፓምፑ በኩል ባለው የኮፕሊንግ ግማሽ ላይ ይታሰራል፤ የዳያሉ ጫፍ ደግሞ በሞተሩ በኩል ባለው ግማሽ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ጫፉ ከላይ ሲሆን መርፌው ዜሮ ላይ ይደረጋል። ከዚያ ሁለቱ ሻፍቶች አንድ ላይ በእጅ እየዞሩ በቀኝ፣ ከታችና በግራ የሚታየው ይመዘገባል። ጫፉ ወደ ውስጥ ሲገፋ ቁጥሩ ይደመራል፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ይቀነሳል። በትይዩ ነጥቦች መካከል፣ ማለትም ከላይ እስከ ታች ወይም ከግራ እስከ ቀኝ፣ መርፌው የተጓዘው ልዩነት ጠቅላላ ንባብ ይባላል። በማኑዋሎች ውስጥ ቲ.አይ.አር. ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው።

ግማሽ የሚደረግበት ምክንያት ከማዕድ ላይ ይታያል። በክብ ትሪ ላይ ከትሪው ያነሰ እንጀራ ሲቀመጥ ወደ አንድ ወገን አንድ ጣት ያህል ቢጠጋ፣ በተጠጋበት በኩል ያለው ክፍተት አንድ ጣት ይጠባል፣ በተቃራኒው በኩል ያለው አንድ ጣት ይሰፋል። እንጀራው የተንቀሳቀሰው አንድ ጣት ነው፤ በሁለቱ ክፍተቶች መካከል ያለው ልዩነት ግን ሁለት ጣት ሆኗል። ዳያሉም የሚዞረው የፓምፑን መሃል ይዞ ነው። የሞተሩ መሃል በ0.20 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ፣ ጠርዙ ከላይ በ0.20 ወደ ዳያሉ ይቀርባል፣ ከታች ደግሞ በ0.20 ይርቃል። መርፌው ከላይ እስከ ታች 0.40 ይጓዛል።

አንድ ልኬት ከነቁጥሩ እንይ። ከላይ 0፣ በቀኝ ሲደመር 0.09፣ ከታች ሲቀነስ 0.46፣ በግራ ሲቀነስ 0.55 ተመዘገበ እንበል። ማንኛውም ስሌት ከመጀመሩ በፊት አንድ ማረጋገጫ አለ፤ የላይና የታቹ ድምር ከግራና ከቀኙ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። እዚህ ሁለቱም ሲቀነስ 0.46 ናቸው፤ ልኬቱ ይታመናል። ድምሮቹ ከአንድ ወይም ከሁለት መቶኛ በላይ ከተለያዩ ክንዱ ላልቷል፣ ጫፉ ተንሸራቷል፣ ወይም ትንሿ መርፌ የቆጠረችው አንድ ሙሉ ዙር ሳይመዘገብ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ንባብ በግማሽ ቢካፈልም ትክክል አይሆንም፤ እንደገና መለካት ነው።

ቀጥሎ የክንዱ መጉበጥ ይመጣል። ዳያሉን የተሸከመው ዘንግ በራሱና በዳያሉ ክብደት ትንሽ ይጎብጣል። ከላይ ሲሆን ጉብጠቱ ጫፉን ወደ ጠርዙ ይጫነዋል፣ ከታች ሲሆን ያርቀዋል። በዚህ ምክንያት መርፌው ሻፍቶቹ ፍጹም ቢገጥሙም ከታች የሚቀነስ ቁጥር ያሳያል። ልኩን ለማወቅ ያው ክንድ በዚያው ርዝመት ጠንካራ ቱቦ ላይ ይታሰርና ዳያሉ ቱቦውን እየነካ፣ ከላይ ዜሮ ተደርጎ፣ ቱቦው ከነክንዱ ይዞራል። በእኛ ምሳሌ ቱቦው ላይ ከታች ሲቀነስ 0.06 ታየ እንበል። በግራና በቀኝ ግማሹ፣ ሲቀነስ 0.03 ይሆናል። ይህን ከንባቦቹ ስናወጣ ከታች ሲቀነስ 0.40፣ በቀኝ ሲደመር 0.12፣ በግራ ሲቀነስ 0.52 ይቀራል።

ግማሽ ማድረግ ከዚህ በኋላ ነው። 0.40 ለሁለት ሲካፈል 0.20 ነው፤ የታቹ ንባብ የሚቀነስ ስለሆነ ሞተሩ ከፓምፑ በ0.20 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። በጎን በኩል በቀኝና በግራ መካከል ያለው ልዩነት 0.64 ነው፤ ግማሹ 0.32 ነውና ሞተሩ በዚያ ልክ ወደ ቀኝ ሄዷል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ የሞተሩ መሃል ከፓምፑ መሃል ወደ 0.38 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ለሥራው ግን የሚያስፈልጉት ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፤ ከፍታው በሺም ይስተካከላል፣ የጎኑ ሞተሩን በመግፋት።

የታየውን 0.46 እንዳለ ወስዶ በዚያ ውፍረት ሺም ያወጣ ሰው፣ በ0.20 ከፍ ብሎ የነበረውን ሞተር በ0.26 ዝቅ ያደርገዋል። ስህተቱ አቅጣጫውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ እንዲያውም አድጓል። ብዙ ጊዜ ሺም እየተጨመረና እየተቀነሰ ሥራው የማያልቀው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ግማሹ ቁጥር የሚነግረን ግን የዳያሉ ጫፍ ባረፈበት ቦታ ያለውን ብቻ ነው። ሞተሩ የቆመበት እግር ከዚያ ይርቃል፤ ሻፍቱ ዘንበል ካለ በእግሩ ላይ ያለው ልክ ሌላ ነው። ስለዚህ ክንዱ ተገልብጦ በሞተሩ በኩል ይታሰርና ዳያሉ የፓምፑን ኮፕሊንግ ያነባል። ጉብጠቱ ከወጣ በኋላ ከታች ሲደመር 0.28 ቢገኝ፣ አሁን የሚነበበው ፓምፑ ስለሆነ ምልክቱ ይገለበጣል፤ እዚህ ቦታ ላይ ሞተሩ ከፍ ያለው በ0.14 ነው። በሁለቱ የንባብ ቦታዎች መካከል 150 ሚሊ ሜትር ካለ፣ የሞተሩ መስመር በየ150 ሚሊ ሜትሩ በ0.06 እየወጣ ይሄዳል ማለት ነው። ከሞተሩ ኮፕሊንግ ንባብ 300 ሚሊ ሜትር የሚርቁት የፊት እግሮች 0.32፣ 900 የሚርቁት የኋላ እግሮች 0.56 ሺም ይወጣላቸዋል። ከአራቱም እግር እኩል 0.20 ማውጣት የሚበቃው ሁለቱ ሻፍቶች ትይዩ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ሁለቱን ሻፍቶች አንድ ላይ ማዞርም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ላይ ሲዞሩ ጫፉ ሁልጊዜ በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚቆይ የጠርዙ ጉድለት ወደ ልኬቱ አይገባም። ዳያሉ በመግነጢስ ማቆሚያ ተይዞ ሻፍቱ ብቻውን ከዞረ ግን የሚለካው የገጹ አለመስተካከል ነው። የገጹ መሃል ከመዞሪያው መሃል ከወጣ መርፌው በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ግማሽ ማድረግም ይሠራል። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ከወረደ ግን ገጹ እንደ እንቁላል ሞልሟል፤ በዚያ ጊዜ ግማሹ ቁጥር ስለ መሃሉ የሚናገረው ነገር የለም።

ሺሙ ወጥቶ ቡሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ እንደገና ይለካል። ቡሎን ሲጠብቅ ሞተሩን ሊያነቃንቀው ይችላልና ይህ መዘለል የለበትም። በዚያው ክንድ ስንለካ መርፌው ከታች ማሳየት ያለበት ዜሮ ሳይሆን ሲቀነስ 0.06 ነው፤ በግራና በቀኝም ሲቀነስ 0.03። ከታች ዜሮ ካሳየ ሞተሩ በ0.03 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል።