ያደረ ሒሳብ ሲጠየቅ

አንዲት አነስተኛ ማተሚያ ቤት ለአንድ ሆቴል 400 ማስታወሻ ደብተር ሠርታ ጥር 5 ቀን አስረክባለች እንበል። ዋጋው 120,000 ብር ነው። 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት 138,000 ብር ይሆናል። ስምምነቱ በ30 ቀን ውስጥ ክፍያ ስለሆነ ገንዘቡ የካቲት 5 ቀን መግባት ነበረበት። አሁን ግን ሚያዝያ 5 ሆኗል፣ የገባ ነገር የለም። የማተሚያ ቤቷ ባለቤት 18,000 ብሩን ቫት በወሩ አስታውቃ ከኪሷ ከፍላለች። የወረቀት ነጋዴውም ገንዘቡን እየጠየቃት ነው። ሆቴሉ ደግሞ ጥሩ ደንበኛዋ ስለሆነ ማስቀየም አትፈልግም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሉኝታ ይይዘውና ዝም ይላል። ዝምታው ሲያንገበግበው ቆይቶ አንድ ቀን ስልክ ያነሣና ይቆጣል። ሁለቱም አይበጁም። ክፍያ የዘገየው ደንበኛው ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ደብተሮቹን የተረከበው የመጋዘን ሠራተኛ የፈረመበት ወረቀት ፋይናንስ ክፍል ሳይደርስ ቀርቶ፣ ወይም ደረሰኙ ያዘዘው ሰው መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ካልሆነ ሒሳብ ሠራተኛው ክፍያ ማዘጋጀት አይችልም። ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት ለሒሳብ ክፍል መደወል ይጠቅማል። «ደረሰኛችን ደርሷችኋል? የጎደለ ሰነድ ይኖር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አይከስም፤ ወረቀቱ የቆመበትን ጠረጴዛ ግን ያሳያል።

ስልኩ መፍትሔ ካላመጣ ደብዳቤ ይጻፋል። ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ክፍያውን ለሚያዘጋጀው ክፍል ቢላክ ይመረጣል። በመጀመሪያው ደብዳቤ አለቃውን ግልባጭ ማድረግ ሠራተኛውን ያሳጣል፤ እሱ ደግሞ ነገ ቼክ የሚያዘጋጅልን ሰው ነው። የማተሚያ ቤቷ ደብዳቤ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የደረሰኝ ቁጥር 0417 ክፍያን ይመለከታል። ጥር 5 ቀን 400 ማስታወሻ ደብተር አስረክበን፣ ቫትን ጨምሮ የብር 138,000 የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ መስጠታችን ይታወሳል። በስምምነታችን መሠረት ክፍያው የካቲት 5 ቀን መፈጸም የነበረበት ቢሆንም እስከ ዛሬ በባንክ ሒሳባችን ገቢ አልሆነም። የደረሰኙንና የርክክቡን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዘናል። የጎደለ ሰነድ ካለ ቢያሳውቁን ወዲያውኑ እናቀርባለን። ክፍያው እስከ ሚያዝያ 15 ቀን እንዲፈጸምልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከዚህ በፊት ከፍላችሁ ከሆነ የባንክ ማስረጃውን ብትልኩልን እናመሰግናለን።»

ደብዳቤው ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩም ቀኑም አልተድበሰበሰም። «በተመቻችሁ ጊዜ» የሚል ቢጨመርበት ኖሮ ሚያዝያ 15 ትርጉም ያጣ ነበር። ትሕትናው የሚገባው አቀራረቡ ላይ ነው። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሠራተኛ ደመወዝ መዘርዘርም አያስፈልግም፤ ገንዘቡ የሚጠየቀው ሥራው ስለተሠራ ነው።

የደብዳቤው ቅጂ በጥንቃቄ ይቀመጥ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1772 መሠረት አንድ ወገን ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ ከመከራከሩ በፊት፣ ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ማስጠንቀቂያ ሲባል የግድ ቁጣ መሆን የለበትም። ክፍያውን በግልጽ የሚጠይቅ ጨዋ ጽሑፍም ይበቃል። ስለዚህ በእጅ ሲሰጥ ቅጂው ላይ ማስፈረም፣ በኢሜይል ሲላክ ደግሞ መልስ እንዲሰጡበት መጠየቅ ይገባል። በሻይ ላይ የተነገረ ጥያቄ ግን በኋላ ማስረጃ የለውም።

ሚያዝያ 15 አልፎ መልስ ከጠፋ፣ በማግሥቱ በአካል መሄድ ይሻላል። አሁን ሥራ አስኪያጁን ማነጋገር ነውር የለውም። ሆቴሉ በእርግጥ ገንዘብ ያጠረው ከሆነ ሁለት ጊዜ ከፍሎ እንዲጨርስ መስማማት ይቻላል፤ ለምሳሌ 69,000 ብር ሚያዝያ 30፣ ቀሪውን ግንቦት 30። ይህ ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለቱም ይፈርሙበት። አዲስ ትዕዛዝ ቢመጣም አሮጌው ሳይዘጋ በዱቤ መሥራት አይገባም። «የበፊቱ እንደተጠናቀቀ በደስታ እንጀምራለን» ማለት በቂ ነው።

ገንዘቡ ሲገባ ከ138,000 ብር ቢያንስ ቶሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ሆቴሉ ዊዝሆልዲንግ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ እሱም የሚሰላው ቫት ሳይጨመር በ120,000 ብሩ ላይ ነው። የተቀነሰበትን ደረሰኝ ግን በዚያው ቀን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ባለቤቷ በዓመቱ መጨረሻ የትርፍ ግብሯን ስታሰላ የምታቀናንሰው በእሱ ነው።