ትሬስራውት ሁለተኛው መስመር ላይ ሲቆም ማን ይጠየቃል?

ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ቢሮ የተከራዩ አንድ የመለዋወጫ አስመጪ በቅርቡ ኢንተርኔታቸው ድንገት ቀጥ አለባቸው። የዕለቱን ፕሮፎርማ በስልካቸው ዳታ አጸደቁ፤ የቀረው የቢሮ ሥራ ግን ቆመ። ባለሙያ አስጠርተው አዲስ ራውተር ቢያስገዙም ለውጥ አልመጣም። አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ሲደውሉ ደግሞ «መስመሩ ደህና ነው» ተባሉ። በዚህ መሀል ሁለት ቀን አለፈ።

ነገሩን በጥቂት ደቂቃ መለየት ይቻል ነበር። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ተከፍቶ የሚጻፈው ትእዛዝ ይህ ነው፦

```
tracert -d -h 6 8.8.8.8
```

ትእዛዙ መልእክት ወደ ውጭ ይልክና በመንገዱ ላይ ያሉትን ማረፊያዎች (ባለሙያዎች «ሆፕ» ይሏቸዋል) በየተራ ያስቆጥራል። የመጀመሪያው መልእክት አንድ ማረፊያ፣ የሚቀጥለው ሁለት ማረፊያ ብቻ እንዲሄድ ተደርጎ ይላካል፤ ዕድሜው ያለቀበት መሣሪያ «እዚህ ደርሶ ቀረ» ብሎ አድራሻውን ይመልሳል። `-d` ስም ፍለጋውን ይከለክላል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ስም መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። `-h 6` ደግሞ ስድስት መስመር ይበቃኛል ማለት ነው። ይህ ካልተጻፈ ፕሮግራሙ እስከ 30 ይቆጥራል፤ መልስ የሌለው እያንዳንዱ መስመር 12 ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ ከአምስት ደቂቃ በላይ ያስጠብቃል።

በአስመጪው ቢሮ የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦

```
1    <1 ms    <1 ms    <1 ms  192.168.0.1
2  192.168.100.1  reports: Destination net unreachable.
```

የቢሮው ጸሐፊ «ሁለተኛው ጋ ደርሷል፤ ስለዚህ ከእኛ ወጥቷል» ብላ አነበበችው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው መስመር የቢሮው ራውተር ነው። ሁለተኛውም ቢሆን በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ስለሆነ ገና ከግቢው አልወጣም፤ አከራዩ ምድር ቤት ኮሪደር ላይ ያሰቀለውና ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ነው። በተከራይ ቢሮዎች ሁለት ራውተር ተከታትሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። የመጨረሻዎቹ ቃላት ትርጉም ደግሞ «ወደ ውጭ የሚወስድ መንገድ የለኝም» ነው። እንግዲህ የቢሮው ራውተር ሥራውን አከናውኗል ማለት ነው፤ አዲሱን ራውተር መግዛት አያስፈልግም ነበር።

ሳጥኑ መንገድ ያጣው ለምን እንደሆነ ግን ውጤቱ አይናገርም። ይህን የሚናገሩት መብራቶቹ ናቸው። LOS የተጻፈበት መብራት በቀይ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ በፋይበሩ ብርሃን እየመጣ አይደለም፤ ገመዱ ተቆርጧል፣ ታጥፏል ወይም ከሶኬቱ ላልቷል። ቁፋሮና ፈረሳ በበዛበት በካዛንቺስና በአካባቢው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። LOS ጠፍቶ PON ሳይርገበገብ በአረንጓዴ ከበራ ግን ገመዱ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሳጥኑ በደንበኛው ስም ሲገባ አለመፈቀዱ ነው። ይህም ከሳጥኑ ቅንብር፣ ከአገልግሎት ሰጪው ወይም ካልተከፈለ ሂሳብ ይመጣል።

በኡራኤሉ ፎቅ PON በአረንጓዴ በርቶ ነበር። ሌላው ደርብ ላይ ያሉት ተከራዮችም ኢንተርኔት አጥተዋል። አከራዩ ሲጠየቁ የወሩን ሂሳብ አለመክፈላቸው ታወቀ። ተከራዩ ግን የኢንተርኔቱን ዋጋ ከኪራዩ ጋር ደምረው ከፍለዋል! «መስመሩ ደህና ነው» የተባለውም እንግዲህ ውሸት አልነበረም።

ውጤቱ ይህን ቢመስል ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው፦

```
1     1 ms     1 ms     1 ms  192.168.100.1
2     4 ms     4 ms     5 ms  100.64.0.1
3     *        *        *     Request timed out.
4     *        *        *     Request timed out.
```

ከ100.64 እስከ 100.127 ያሉት አድራሻዎች ለአገልግሎት ሰጪዎች የውስጥ አገልግሎት የተመደቡ ናቸው። የሁለተኛው መስመር ጊዜም ከፍ ማለቱ መልእክቱ ከግቢ መውጣቱን ይደግፋል። እዚህ ላይ ገመዱም ሂሳቡም ሊጠረጠሩ አይገባም፤ የሚጠየቀው አገልግሎት ሰጪው ነው። በ10 የሚጀምር አድራሻ ግን ከሁለቱም ወገን ሊሆን ስለሚችል ላፕቶፑን በኬብል በቀጥታ ከሳጥኑ ጋር አገናኝቶ እንደገና መሞከር ይሻላል። ያ አድራሻ ወደ አንደኛው መስመር ከወጣ ሳጥኑ ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ከቀረ ከግቢ ውጭ ነው።

ኮከብ ብቻውን ብልሽት አይደለም። መልእክት እያሳለፉ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ የማይሰጡ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ከኮከቦቹ በኋላ 8.8.8.8 ከታየ መንገዱ ክፍት ነው። በስድስት መስመር ካልታየና ገጾች የሚከፈቱ ከሆነ `-h` ተነሥቶ ይሞከር። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ሁለተኛ የሞባይል ኦፕሬተር ስላለ የሁለቱንም ሲም ዳታ ማነጻጸር ይጠቅማል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጠፉ፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል በአገር አቀፍ ደረጃ እንደሆነው፣ ሳጥን መነካካት ዋጋ የለውም።

አስመጪው አሁን የኪራይ ውላቸውን ሲያድሱ የመስመሩ የደንበኝነት ቁጥር እንዲሰጣቸውና ብልሽት የማስመዝገብ ውክልና እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል። አከራዩ ቁጥሩን ሰጥተዋል፤ ውክልናው ገና ነው።