ሦስት ኃላፊዎችን በአንድ ሰዓት ማገናኘት

«የትኛው ቀን ይመቻችኋል?» ተብሎ ለሦስት ኃላፊዎች ሲጻፍ ምን እንደሚከተል ጸሐፊዎች በደንብ ያውቁታል። አንዱ «ማክሰኞ» ይላሉ፤ ሁለተኛዋ «ከማክሰኞ በቀር» ይላሉ፤ ሦስተኛው በማግስቱ ሲመልሱ የመጀመሪያው ማክሰኞ በሌላ ጉዳይ ተይዟል። ክፍት ጥያቄ ሁሉንም ከየራሳቸው አጀንዳ ያስነሳቸዋል።

ዋና ሥራ አስኪያጁና የፋይናንስ ኃላፊው አዲስ አበባ፣ የቦርድ ሰብሳቢዋ ደግሞ ዱባይ ናቸው እንበል። ሥራው የሚጀመረው በስልክ ነው። ጊዜያቸው በጣም የተጣበበው ሰብሳቢዋ ስለሆኑ፣ ጸሐፊዋ አስቀድማ ቢሯቸው ደውላ ሦስት ክፍት ሰዓቶች ታስይዛለች። ከዚያ ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን ይህን ትጽፋለች፦

«ርዕስ፦ የበጀት ክለሳ ስብሰባ፣ 45 ደቂቃ፣ በቪዲዮ። እስከ ሐሙስ ጥቅምት 6 ከቀኑ 10 ሰዓት መልስ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሀ. ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 3፡00
ለ. ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 8፡00
ሐ. ሐሙስ ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 4፡30

ሰዓቱ የአዲስ አበባ ነው፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። የሚመችዎትን ፊደል ሁሉ ለእኔ ብቻ ይላኩልኝ። ሁሉንም የሚያስማማ ከአንድ በላይ ከሆነ የቀደመውን አጸናለሁ። እስከዚያ ሦስቱንም ሰዓት ለጊዜው ይዣለሁ።»

አንድ ፊደል ብቻ ከተጠየቀ ኃላፊዎቹ በጣም የሚወዱትን ሰዓት ይመርጣሉ፤ ሦስቱ ምርጫዎች ላይገናኙ ይችላሉ። የሚመቸው ሁሉ ሲጠየቅ ግን መገናኛው ይታያል። ሰብሳቢዋ ሦስቱንም አስይዘዋል፤ ሥራ አስኪያጁ «ሀ፣ ለ» አሉ፤ የፋይናንስ ኃላፊው «ለ፣ ሐ»። ስብሰባው «ለ» ላይ ጸና። ጸሐፊዋ ወዲያው መጥሪያውን ትልካለች፤ «ሀ»ን እና «ሐ»ን ደግሞ ከሁሉም አጀንዳ ላይ ታነሳለች። ሳይነሱ የቀሩ ሰዓቶች ለሌላ ጉዳይ የሚፈልጋቸውን ሰው ይከለክላሉ።

ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። የረቡዑ 8 ሰዓት በኮምፒውተሩ አጀንዳ ላይ 14:00 ተብሎ መመዝገብ አለበት። 8:00 ተብሎ ከገባ የሰብሳቢዋ ስልክ 9:00 ያሳያል፤ እሳቸውም በጠዋት ገብተው ብቻቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ መጥሪያው ከመላኩ በፊት ዱባይ ላይ 15:00 መሆኑ ይረጋገጣል፤ ጥቅምት 12ም ኦክቶበር 22 ተብሎ ይጻፋል።

የጊዜ ገደቡ አልፎ መልስ ያልሰጠ ካለ ዝምታውን እንደ እሺታ መቁጠር አይገባም፤ ስልክ ይደወላል። አንድም ፊደል ካልገጠመ ደግሞ ሁለተኛ ዙር መልእክት መላክ ያንኑ ምልልስ ይመልሰዋል። ያኔ ጸሐፊዋ ስብሰባውን ለጠሩት ሥራ አስኪያጅ «ውሳኔው ያለ ማን አይጸናም? ማንስ ተወካይ ሊልክ ይችላል?» ብላ ጠይቃ፣ በመልሱ መሠረት ሰዓቱን ትቆርጣለች።