ስክሪኑ ከየት አውቆ ነው የሚናገረው?

መኪና ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ብዙ ነገር ይበራል። አብዛኛው ወዲያው ይጠፋል፤ አንዱ ግን ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ሹፌሩ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ የማጥፊያውን ቁልፍ ይፈልጋል። ሁለቱም ከመምጣታቸው በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ መኪናው ይህን በምን አወቀ? ለክቶ ነው፣ አስልቶ ነው ወይስ በካሜራ አይቶ? መልሱ ከታወቀ መልእክቱን ምን ያህል ማመን እንደሚገባና የትኛውን ቁልፍ መንካት እንደሌለብን ግልጽ ይሆናል።

ለምሳሌ ሆንዳን እንውሰድ፤ በ2022 የወጣውን ሲቪክ ወይም በ2023 የወጣውን ሲአር-ቪ። ሁለቱም አሜሪካ ባሉ ወገኖቻችን እጅ የሚገኙ መኪኖች ናቸው፤ ስለዚህ የምናወራው ለአሜሪካ ገበያ ስለተሠሩት ነው።

ከጎማው እንጀምር። አሜሪካ ውስጥ የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያ በሕግ የተገደደ ነው። በ2000 ሕጉ ወጣ፤ ከመስከረም 2007 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም አዲስ ቀላል ተሽከርካሪ ይህን መሣሪያ ይዞ መሸጥ ግድ ሆነ። መለኪያውም ይታወቃል፤ የአንድ ጎማ ንፋስ አምራቹ ካዘዘው መጠን በሩብ ሲጎድል መብራቱ መብራት አለበት። የታዘዘው መጠን የሚገኘው በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩ ሲከፈት በሚታየው ተለጣፊ ወረቀት ላይ ነው። የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ስለሆነ እሱን አይቶ መሙላት ስህተት ነው።

መኪናው ንፋሱ መጉደሉን የሚያውቅበት መንገድ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። ብዙ ቶዮታዎች በየጎማው ውስጥ፣ ቸርኬው ላይ የተገጠመ ባትሪ ያለው ትንሽ መለኪያ አላቸው። መለኪያው ንፋሱን በቀጥታ ለክቶ በሬዲዮ ሞገድ ለመኪናው ይልካል። የእኛ ሆንዳዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እነሱ የሚያዩት የጎማውን አዟዟር ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በመጠኑ ስለሚሟሽሽ ዙሪያው ያንሳል፤ ያንኑ መንገድ ለመሄድም ከሌሎቹ ትንሽ ፈጥኖ ይዞራል። ፍሬኑን የሚቆጣጠረው ክፍል የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት ሁልጊዜ ስለሚቆጥር መኪናው ይህን ልዩነት ያስተውላል። ሆንዳው ንፋሱን አልለካም ማለት ነው፤ ከሩጫው ገምቶ ነው የሚናገረው።

ለመገመት ደግሞ መነሻ ያስፈልገዋል፤ ትክክለኛ ንፋስ ያለው ጎማ እንዴት እንደሚዞር አስቀድሞ መማር አለበት። ለዚህ ነው ስክሪኑ ላይ TPMS Calibration የሚባል ምርጫ ያለው። በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው Settings ተነክቶ Vehicle የሚለው ሲከፈት ነው። Calibrate ሲጫኑ መኪናው የድሮውን ትምህርት ትቶ አዲስ መማር ይጀምራል። ትምህርቱ የሚያልቀው ግን ቁልፉ ሲነካ አይደለም፤ በሰዓት ከ48 እስከ 105 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት በድምሩ 30 ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ ነው። ከተማ ውስጥ በዝግታ የሚነዳ ሰው ያን ለመጨረስ ቀናት ሊፈጅበት ይችላል።

ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ቨርጂኒያ የሚነዳ አንድ ሰው እናስብ። ወረቀቱ 33 ፒኤስአይ ይላል። ጎማዎቹ ለወራት ሳይታዩ ስለቆዩ ሦስቱ 29 ላይ ናቸው፤ የቀኝ የኋላው ግን ቀጭን ሚስማር ስለወጋው 28 ደርሷል። አየሩ 25 ዲግሪ እያለ መኪናው ምንም አላለም፤ ከ33 ሩብ ቢቀነስ 25 አካባቢ ነውና ገና አልደረሰም። አንድ ሌሊት ብርዱ ወደ 0 ይወርዳል። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚህ ልዩነት የሚጠፋው ወደ 4 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ሦስቱ ጎማዎች 25 ላይ ይደርሳሉ፣ ሚስማር ያለበት ወደ 24 ይወርዳል። ጠዋት ትንሽ እንደነዳ መብራቱ ይበራል።

ሰውየው «ብርዱ ነው» ብሎ Calibrate ቢጫን መብራቱ ይጠፋል። ያጠፋው ግን መብራቱን ብቻ ነው። መኪናው የጎደለውን ንፋስ ትክክለኛ ነው ብሎ ይማራል፤ ሚስማሩም ሥራውን ይቀጥላል። ከዚህ በኋላ መኪናው የሚናገረው ከዚያ ከጎደለው መጠን ላይ ደግሞ በደንብ ሲጎድል ነው፤ እስከዚያ ጎማው እየሞቀ፣ ጎኑ እየተጎዳ ይሄዳል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ አራቱንም ጎማ በመለኪያ መለካት፤ ይህም መኪናው ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ መሆን አለበት። ሲነዳ የሞቀ ጎማ ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ያታልላል። ቀጥሎ አራቱንም ወረቀቱ ላይ ወዳለው መጠን መሙላት። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጎደለ እሱ ብርድ ሳይሆን ቀዳዳ ነውና ወደ ጎሚስታ መሄድ ነው፤ ብርድ አራቱንም እኩል ነው የሚነካው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው Calibrate የሚነካው። ጎማ ሲቀየርና ከፊት ወደ ኋላ ሲዘዋወርም እንዲሁ። ትንሿ መጠባበቂያ ጎማ እንደታሰረች ግን ማስተማር አይቻልም።

መብራቱ መኪናው እንደተነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ተበላሽቷል የሚባለው መቆጣጠሪያው ራሱ ነው እንጂ ጎማው አይደለም፤ መጠባበቂያዋን ጎማ አስሮ መንዳትም ይህን ያመጣል። ቀጥታ የሚለካው ዓይነት መኪና ያለው ሰው ደግሞ ጎማ ሲያስፈታ ለጎሚስታው ውስጡ መለኪያ እንዳለ አስቀድሞ ይንገረው፤ ጎማው ከቸርኬው ሲላቀቅ በብረቱ ሊሰበር ይችላልና።

የሰርቪሱ መልእክትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሆንዳ ስክሪን ላይ የዘይቱን ዕድሜ በመቶኛ ያሳያል። አዲስ ዘይት 100 ነው፤ 15 ሲደርስ ሰርቪስ ሊደርስ መሆኑን ይናገራል፣ 5 ሲደርስ አሁን ይሁን ይላል፣ ከ0 ካለፈ ደግሞ ምን ያህል መንገድ አሳልፈው እንደነዱ በመቀነስ ምልክት እየቆጠረ ያሳያል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መኪናው ዘይቱን የሚቀምስ ይመስለዋል። አይቀምስም። ሞተሩ እንዴት እንደሠራ ተከታትሎ ያሰላል፤ ስንት ዞረ፣ ምን ያህል ሞቀ፣ ስንት ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ተነስቶ ሳይሞቅ ጠፋ። አጭር መንገድ ደጋግሞ የሚሄድ ሰው መቶኛው ቶሎ የሚወርድበት ለዚህ ነው፤ ይህ ስሌት በኪሎ ሜትር ብቻ ከሚቆጥረው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስሌቱ የማያውቀው ነገር ግን አለ። ዘይቱ ቀንሶ እንደሆነ አያውቅም። 60 በመቶ እያለ ሞተሩ ዘይት ሊበላና መጠኑ ከዝቅተኛው መስመር በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ማየት አልቀረም። የተጨመረው ዘይት ጥሩ ይሁን ተራ እሱንም አያውቅም። ዘይቱ ሳይቀየር ስክሪኑ ላይ ወደ 100 ቢመለስ ደግሞ በእምነት 100 ይላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው 95 በመቶ አንድ ሰው ቁልፉን እንደነካ እንጂ ዘይት እንደቀየረ አያስረዳም። የጋራዥ ደረሰኝ ይጠየቅ።

ከመቶኛው ጋር ፊደልና ቁጥር ይመጣል፤ እነዚህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ለምሳሌ A1 ቢል A ዘይት ይቀየር ማለት ነው፣ 1 ጎማ ይዘዋወር። B ሲመጣ ፍሬኑና ሌሎች ክፍሎችም ይፈተሻሉ። 2 የአየር ማጣሪያዎችን፣ 3 የካምቢዮ ዘይትን፣ 4 ካንዴላን፣ 5 የራዲያተሩን ፈሳሽ ይመለከታሉ። A1 ላለው መኪና ካንዴላና የካምቢዮ ዘይት ልቀይርልህ የሚል ጋራዥ ቢያጋጥም ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥቂት የሚነዳ ሰው መቶኛው ባያልቅም ዘይቱን በዓመት አንድ ጊዜ መቀየር አለበት፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ ስክሪኑ ምንም ቢል በየ3 ዓመቱ ይቀየራል።

የማሽከርከር ድጋፎቹን የሚመራቸው ከስፖኪዮው ጀርባ፣ ከፊት መስታወቱ ጋር የተያያዘው ካሜራ ነው፤ ሲአር-ቪው ራዳርም ይጨምርበታል። ከእነሱ መካከል ሁለቱን መለየት ይበቃል። አንደኛው ግጭት ሲቃረብ አስጠንቅቆ ፍሬን የሚይዘው CMBS ነው። ይህን ቢያጠፉትም መኪናው በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ራሱ ይበራል፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነውና ብልሽት አይደለም። ማስጠንቀቂያው ያለጊዜው እየጮኸ የሚያስቸግረው ሰው ከማጥፋት ይልቅ Forward Collision Warning Distance የሚለውን ከፍቶ ከ Long ወደ Normal ወይም Short ቢቀይረው ይሻላል። Short ማለት ዘግይቶ ያስጠነቅቃል ማለት ስለሆነ እኔ Normal ላይ ባይተው እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ከመሪው ላይ የሚበራው LKAS ነው፤ በፈጣን መንገድ ላይ የመንገዱን መስመር እያየ መሪውን በመጠኑ ያግዛል። መስመሩ የጠፋበት፣ በበረዶ የተሸፈነበት ወይም ዝቅ ያለች ፀሐይ ካሜራውን ፊት ለፊት የምትመታበት ቦታ ላይ ዝም ይላል። ፍሬቻ ሲበራም እርዳታውን ያቆማል። ፍሬቻ ሳያበሩ መስመር ሲቀይሩ መሪው የሚታገለው ሊያስቸግር ሳይሆን ሹፌሩ ሳያስበው የወጣ መስሎት ነው።

Some Driver Assist Systems Cannot Operate የሚል መልእክት ሲመጣ ከሥሩ ያለችውን ምክንያት ማንበብ ነው። ካሜራው በጣም ሞቋል ካለ፣ በጋ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ መኪና ላይ እንደሚሆነው፣ ኤሲውን ወደ ፊት መስታወቱ አድርጎ መጠበቅ ይበቃል። መስታወቱ ወይም ራዳሩ ቆሽሿል ካለም ይጸዳል። ተጸድቶም ቀዝቅዞም ካልጠፋ፣ በተለይ የፊት መስታወቱ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ፣ ካሜራው በመሣሪያ እንደገና መስተካከል ይፈልጋል። ይህ ከመስታወቱ ዋጋ ተለይቶ የሚከፈል ሥራ ሊሆን ስለሚችል፣ መስታወት ከማስቀየርዎ በፊት ባለሙያውንም ኢንሹራንሱንም የካሜራው ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ።