ጥቅሉ ጠዋት አልቆ ስልኩ ተከሰሰ

መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በቴሌግራም ትዕዛዝ የምትቀበል ሴት ናት። ስልኩ አናት ላይ 4G ተጽፏል፣ የኔትወርክ መስመሮቹም ሙሉ ናቸው፤ ቴሌግራሙ ግን እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሰፈር ያለ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄዳ ነበር። ልጁ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የኔትወርክ ሴቲንጉን በሙሉ ወደ መጀመሪያው መልሶታል። ለውጥ የለም።

«ጥቅልሽ አላለቀም?» አልኳት።

«ኧረ የለም! ይኸው እስከ ሰባት ሰዓት ከሩብ ይቆያል» ብላ ጥቅሉን ስትገዛ የመጣላትን መልእክት አሳየችኝ። የሚያበቃበት ጊዜ 2025-04-08 ብሎ፣ ቀጥሎ 07:15:20 ይላል።

ቀኑን በትክክል ነው ያነበበችው። 2025-04-08 ማለት መጋቢት 30 ነው። የተሳሳተችው ሰዓቱ ላይ ነው። እነዚህ መልእክቶች የሚጽፉት በፈረንጅ ሰዓት፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 በሚቆጠረው ነው። ስለዚህ 07:15 የእኛ ከቀኑ 7:15 ሳይሆን ከጠዋቱ 1:15 ነው። ጥቅሉ ካበቃ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። በሌላ በኩል 13:15 ቢል ኖሮ እሷ እንዳሰበችው ከቀኑ 7:15 በሆነ።

«ታዲያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይሠራ ነበር እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ጥቅል ሲያልቅ ኢንተርኔቱ ወዲያው ላይቆም ይችላል። መደበኛ ሂሳብ ላይ ብር ካለና ዳታው ክፍት ከሆነ፣ አጠቃቀሙ ከጥቅል ውጭ ባለው ታሪፍ ከዚያ ብር ላይ መቆረጥ ይጀምራል። ባለቤቱ ስልኩን ባይነካው እንኳ ፎቶ የሚያወርዱና ራሳቸውን የሚያድሱ መተግበሪያዎች ብሩን ይጨርሱታል። ኢንተርኔቱ የሚቆመው ያ ሲያልቅ ነው። ጎረቤቴም ማታ ካርድ ሞልታ ነበር፤ ጠዋት ጠፍቷል። ለእሷ ግን የታያት «ድንገት የተበላሸ ስልክ» ነው።

የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ መሆኑም ምንም አያረጋግጥም። ምልክቱ የሚናገረው ስልኩ በአቅራቢያው ካለው የኔትወርክ ማማ ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው። ዳታ ለመጠቀም የተከፈለ ነገር መኖሩን የሚያየው ሌላ ክፍል፣ የድርጅቱ የሂሳብ ሥርዓት ነው። ያኛው «ግባ» ብሎ ይህኛው «ሂሳብ የለህም» ሲል ስልኩ 4G እያሳየ ባዶውን ይቀመጣል።

ደግነቱ ሂሳቡን ለመጠየቅ ኢንተርኔት አያስፈልግም። በኮከብ ተጀምሮ በ# የሚዘጋው ቁጥር የሚጓዘው በዳታ መንገድ ሳይሆን ስልኩና ኔትወርኩ በሚነጋገሩበት ሌላ መንገድ ነው። ጥቅልም ብርም ባይኖር መልስ ያመጣል። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር *804# ይደወላል፤ በሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ *704# ነው። ሁለት ሲም ያለው ስልክ በየትኛው እንደሚደውል ሲጠይቅ ጥቅል የተገዛበትን ሲም ይምረጡ። ዳታው በሌላኛው ሲም ላይ በርቶ ከሆነ ጥቅሉ ሳይነካ ኢንተርኔት ሊጠፋ ይችላልና ይህንንም በዚያው ይመልከቱ።

መልሱ ሲመጣ ሦስት ነገር ያንብቡ። መጀመሪያ የጥቅሉ ስም አለ ወይ? ጊዜው ያለፈበት ጥቅል ከዝርዝሩ ስለሚወጣ፣ አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው። ሁለተኛ ስንት ሜጋባይት ቀርቷል? ሦስተኛ የሚያበቃው መቼ ነው? ከሁለተኛውና ከሦስተኛው አንዱ ብቻ ቢያልቅ በቂ ነው፤ ብዙ ጊጋባይት እያለው ቀኑ የደረሰበት ጥቅል ከእነ ቀሪው ይዘጋል። የድሮውን የግዢ መልእክት ማየት ግን አይጠቅምም። እሱ የሚናገረው የገዙ ዕለት የነበረውን ነው።

የጥቅሉን ስምም ልብ ይበሉ። የሌሊት ጥቅል ቀን ላይ አይሠራም። ለማኅበራዊ መገናኛዎች ብቻ የተሸጠ ጥቅል ደግሞ ሌላ ድረ ገጽ ላይከፍት ይችላል። አንዱ መተግበሪያ እየሠራ ሌላው ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

የቀን ስሌቱን በተመለከተ የእኛ አቆጣጠር ያግዛል። የ30 ቀን ጥቅል ከየካቲት 30 ተገዝቶ መጋቢት 30 ላይ ያልቃል፤ ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ የገዙበት ዕለት ቁጥር በቀጣዩ ወር ሲመጣ ጥቅሉ አለቀ ማለት ነው። ከዚህ የምትወጣው ጳጉሜን ናት። ነሐሴ 10 የተገዛ ጥቅል መስከረም 10 አይደርስም፤ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት መስከረም 5 ላይ ያበቃል። የሚያበቃበት ሰዓትም የገዙበት ሰዓት እንጂ እኩለ ሌሊት ላይሆን ይችላል። ጎረቤቴ ጥቅሉን የገዛችው እሁድ ጠዋት 1:15 ላይ ነበር።

ወር በወር የሚከፈልበት የቤት ኢንተርኔትም በዚሁ ዓይን ይታያል። ክፍያው ሲዘገይ የሚቋረጠው ከድርጅቱ በኩል ነው፤ የቤቱ ዋይፋይ ግን ራውተሩ የሚያሰራጨው ስለሆነ ስልኩ «ተገናኝቷል» ማለቱን አይተውም። ቤት ውስጥ ያለው ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በአንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካጡ የአንዱን ስልክ ሴቲንግ መንካት ትርጉም የለውም። የመጨረሻው ክፍያ መቼ እንደተፈጸመ ይዩ። ያልገባ ነገር ካለ የአገልግሎት ቁጥሩን ይዘው ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደውሉ።

ሴቲንግ የሚነካው መቼ ነው? *804# ጥቅሉ እንዳለ፣ ሜጋባይቱም ጊዜውም እንዳልተሟጠጠ ሲናገር፣ ሆኖም ኢንተርኔት ከሌለ ነው። *804# ራሱ መልስ ካላመጣ ደግሞ ነገሩ የሂሳብ ሳይሆን የሲም ወይም የኔትወርክ ይሆናል። ያለ ምርመራ የኔትወርክ ሴቲንግን ወደ መጀመሪያው መመለስ ግን ዋጋ አለው፤ የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችንና የብሉቱዝ ግንኙነቶችን ያጠፋል። ኢንተርኔት እንዲሠራ በእጅ የተሞላ የመዳረሻ ስም ከነበረም እሱ አብሮ ይሄዳል። ያን ጊዜ አዲስ ጥቅል ተገዝቶም ኢንተርኔቱ ላይመጣ ይችላል፤ ያልነበረ ብልሽት ተፈጥሯልና።

ጎረቤቴ በፊቴ *804# ደወለች። ጥቅሉ ከዝርዝሩ የለም፤ መደበኛ ሂሳቡም ባዶ ነው። ከቴሌብር ላይ አዲስ ጥቅል ገዛንላት፤ ቴሌግራሙ ወዲያው ተከፈተ። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ዋይፋዩ የይለፍ ቃል ጠየቃት። ማንም አያስታውሰውም ነበር።